ስክሪን ላይ ያማረ ፍላየር ታትሞ ሲመጣ ለምን ይቀየራል? ደረጃ በደረጃ አሠራር

«እኔ የላክሁት ሰማያዊ ነው፣ እነሱ ሐምራዊ አድርገው አተሙት።» ይህን ያላለኝ ጀማሪ ዲዛይነር የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ሰማያዊውን ትቶ «ፎቶው ጨለመ» ይለኛል፣ ሌላው ብርቱካናማው ጭቃ መሰለ ይላል። መልሴ ሁሌም ያው ስለሆነ አንድ ቦታ ልጻፈውና የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልምራ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪን ብርሃን ያወጣል። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን ይመልሳል እንጂ። ስክሪኑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደመረ ቀለም ይሠራል፣ አርጂቢ የምንለው ይህን ነው። ማተሚያው ደግሞ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ ይደራርባል፣ ይህኛው ሲኤምዋይኬ ነው፤ በደረበ ቁጥር ደግሞ የሚመለሰው ብርሃን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ቦግ የሚሉ አንዳንድ ቀለሞች፣ በተለይ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ በእነዚህ አራት ቀለሞች ጭራሽ አይወጡም። ወረቀቱን እንደ ስክሪን ማብራት አንችልም። ስክሪኑ ወረቀቱ ላይ የሚመጣውን አስቀድሞ እንዲያሳየን ማድረግ ግን እንችላለን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ነው።

እንዳይድበሰበስ አንድ ፍላየር ይዘን እንሂድ። ኤ5 ነው፣ የሥልጠና ማስታወቂያ። መደቡ ደማቅ ሰማያዊ ነው፣ መሃል ላይ ጥቁር ልብስ የለበሰች አሠልጣኝ ፎቶ አለ፣ «ይመዝገቡ» የሚለው ሳጥን ብርቱካናማ ነው፣ ታች ነጭ መደብ ላይ ደቃቅ ጥቁር ጽሑፍ አለ። ፍላየር ላይ ሊበላሽ የሚችለው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የማይቀየር ስክሪን። አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ይሻላል። ጭንቅላታችሁን ትንሽ ዘንበል ስታደርጉ ቀለሙ የሚለዋወጥ ከሆነ በእሱ ላይ ቀለም መወሰን ከባድ ነው።
- የስክሪን ካሊብሬሽን መሣሪያ። ስክሪኑ ፊት ላይ ተለጥፎ ቀለሙን የሚለካ ትንሽ ዕቃ ነው። ከሌላችሁ ተዋሱ፣ በወር አንዴ ብቻ ነው የምትፈልጉት። ጭራሽ ካልተገኘ ያለሱ የሚሠራበትን መንገድ ታች ነግሬያችኋለሁ።
- ፎቶሾፕ፣ ኢንዲዛይን ወይም ኢለስትሬተር። የምጽፋቸው የሜኑ ስሞች የእነሱ ናቸው። ጂምፕ እና ስክራይበስም ይህን ሥራ ይሠራሉ፣ ቦታው ብቻ ይለያል።
- ፒዲኤፉን ለመፈተሽ አክሮባት ፕሮ።
- የማተሚያ ቤቱ አይሲሲ ፕሮፋይል። ፕሮፋይል ማለት ይህ ማሽን በዚህ ወረቀት ላይ ይህን ቁጥር ስትሰጡት ይህን ቀለም ያወጣል የሚል መረጃ የያዘ ትንሽ ፋይል ነው።
- ባለ 5000 ኬልቪን መብራት። ከሌለ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ።
- ከዚያው ማተሚያ ቤት፣ በዚያው ወረቀት ላይ ከዚህ በፊት የታተመ ማንኛውም ነገር። ብዙ ሰው ይህን ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከመሣሪያው እኩል ነው የማየው።

1. ሥራ ሳትጀምሩ ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ

አብዛኛው ሰው ዲዛይኑን ጨርሶ ነው የሚደውለው። ያኔ ቀለሙ ተመርጦ፣ ደንበኛው አይቶ፣ ወዶት ጨርሷል። ከዚያ በኋላ «ይሄ ሰማያዊ አይወጣም» ማለት ጠብ ነው። እኔ ገና ሥራውን ስቀበል እንዲህ ብዬ እልካለሁ፦

«ሰላም። ኤ5 ፍላየር፣ በሁለቱም ገጽ፣ 1000 ቅጂ ላሳትም ነው። በዲጂታል ነው በኦፍሴት የምታትሙት? ወረቀቱ ግሎሲ ነው፣ ማት ነው ወይስ ያልተቀባ? የትኛውን አይሲሲ ፕሮፋይል ልጠቀም? ካላችሁ ፋይሉን ብትልኩልኝ። ጠቅላላ የቀለም መጠን ከስንት በመቶ እንዲበልጥ አትፈልጉም? ላሚኔሽን አለው?»

የወረቀቱ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ግሎሲና ማት ወረቀት ላዩ ላይ የተቀባ ነገር ስላለ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ከላይ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ይደምቃል። ያልተቀባው፣ ማለትም እንደ ፎቶኮፒ ወረቀት እስክሪብቶ በደንብ የሚይዘው፣ ቀለሙን ይመጠዋል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፣ ደማቁም ይፈዛል። አንድ ፋይል በሁለቱ ላይ ብታትሙ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው የሚመስለው።

«ሲኤምዋይኬ አድርገህ ላክ በቃ» የሚል መልስም ይመጣል። ይህ መልስ አይደለም፣ ሲኤምዋይኬ አንድ ዓይነት ስላልሆነ። እንዲህ ሲሉኝ «በአውሮፓ ስታንዳርድ ነው በአሜሪካ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የአውሮፓውን የሚከተሉ ከሆነ ለተቀባ ወረቀት `PSO Coated v3`፣ ላልተቀባ `PSO Uncoated v3` እጠቀማለሁ። ሁለቱም ከ`eci.org` በነፃ ይወርዳሉ። የአሜሪካውን ከሆነ ለተቀባ ወረቀት `Coated GRACoL 2006` ከአዶቤ ፕሮግራሞች ጋር አብሮ ይመጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ጊዜ ፎቶሾፕ ገና ሲጫን የሚመርጠው `U.S. Web Coated (SWOP) v2` ነው። ይህ ለመጽሔት ሕትመት የተዘጋጀ ነው። ማንም ሳይጠይቃችሁ በእሱ ቀይራችሁ ከላካችሁ ፍላየሩ በማይታተምበት ማሽን ልክ አሰፋችሁት ማለት ነው።

2. ክፍሉንና ስክሪኑን አስተካክሉ

መጀመሪያ ቀለም የሚነካውን ሁሉ አጥፉ። ዊንዶውስ ላይ `Night light`፣ ማክ ላይ `Night Shift` እና `True Tone`፣ በራሱ የሚጨምርና የሚቀንሰውን ብራይትነት፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ «ቪቪድ» ወይም «ጌም» የሚባለውን ሁነታ። ማታ ማታ ስክሪኑ ወደ ቢጫ ሲሄድ እናንተ ሳይታወቃችሁ ሰማያዊ እየጨመራችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ጠዋት ስታዩት ፎቶው በረዶ መስሏል። ስክሪኑን አብርታችሁም 30 ደቂቃ ያህል ሳይሞቅ ቀለም አትወስኑ።

አሁን ዋናው ብራይትነት ነው። «ፎቶው ጨልሞ መጣ» ከሚሉኝ ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ይህ ብቻ ነው። ስክሪን ከፋብሪካ ሲወጣ ሱቅ ውስጥ እንዲያበራ ተደርጎ ነው። ለሕትመት ሥራ የሚፈለገው በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ሲሆን ከፋብሪካ የመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ የአሠልጣኟ ጥቁር ልብስ እጥፋቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ወረቀት ላይ ግን ጥቁር ድፍን ነገር ይሆናል።

መሣሪያ ከሌላችሁ እንዲህ አድርጉ። ባዶ ነጭ ገጽ ስክሪኑን ሞልቶ እንዲታይ ክፈቱ። የሚታተምበትን ወረቀት፣ ያንኑ ባዶውን፣ መብራቱ ሥር ከስክሪኑ ጎን አቁሙት። አሁን አንዴ ወረቀቱን አንዴ ስክሪኑን እያያችሁ የሁለቱ ነጭ እኩል እስኪያበራ ድረስ ብራይትነቱን ቀንሱ። መጀመሪያ ሲያዩት ስክሪኑ የሞተ ይመስላል። አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ዓይን ይለምደዋል። ቁጥሩን ጻፉትና ለሕትመት ስትሠሩ ሁሌ እዚያ ላይ አድርጉት።

3. ስክሪኑን ካሊብሬት አድርጉ

መሣሪያው ካላችሁ አብሮት የመጣውን ፕሮግራም ወይም `DisplayCAL` የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። ነጩን D65፣ ጋማውን 2.2፣ ብራይትነቱን 100 አካባቢ ስጡት። መሣሪያው በተራ በተራ የሚወጡትን ቀለሞች እየለካ ይቆይና በመጨረሻ የስክሪናችሁን ፕሮፋይል ይሠራል። ፎቶሾፕ ይህን አይቶ «ይህ ስክሪን ትንሽ ወደ አረንጓዴ ያደላል» ብሎ ያርማል። በወር አንዴ ድገሙት፣ ስክሪን ያረጃል።

መሣሪያ ከሌላችሁ የስክሪኑን ሜኑ ክፈቱና `sRGB` የሚል ሁነታ ካለ እሱን ምረጡ፣ ብራይትነቱን በደረጃ 2 ባለው መንገድ አስተካክሉ፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መቆጣጠሪያዎቹን በዓይን እየነካኩ «ከታተመው ጋር አመሳስለዋለሁ» ማለት ወጥመድ ነው። ለዚያ አንድ ፍላየር ይመሳሰልላችኋል፣ የሚቀጥለው ሥራ ግን ገደል ይገባል።

4. ፕሮግራሙን አስተካክሉ

`Edit > Color Settings` ውስጥ ግቡ። `RGB` የሚለው ላይ `sRGB`፣ `CMYK` የሚለው ላይ ማተሚያ ቤቱ የሰጣችሁን ፕሮፋይል ምረጡ። `Color Management Policies` ሥር ሁሉንም `Preserve Embedded Profiles` አድርጉ። ፎቶ ይዞት የመጣውን ፕሮፋይል ፕሮግራሙ ዝም ብሎ እንዳይጥለው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ትእዛዞች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። `Convert to Profile` ቀለሙ እንደነበረ እንዲታይ ቁጥሮቹን ይቀይራል። `Assign Profile` ቁጥሮቹን ሳይነካ ትርጉማቸውን ይቀይራል፣ ስለዚህ ምስሉ ዓይናችሁ እያየ ቀለሙ ይለወጣል። ወደ ሕትመት ስትሄዱ የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው።

ፎቶውን ግን ገና አትቀይሩት። በአርጂቢ ይቆይ። አንዴ ወደ ሲኤምዋይኬ ከወረደ የጠፋው ቀለም ተመልሶ አይመጣም፤ ደንበኛው ነገ «ወረቀቱን ቀይረነዋል» ካለ ደግሞ ከመነሻው እንደገና ለመቀየር ዋናው ያስፈልጋችኋል።

5. ስክሪኑን እንደ ወረቀት አድርጋችሁ እዩ

ይህ የሥራው ልብ ነው። በፎቶሾፕ `View > Proof Setup > Custom` ክፈቱ።

- `Device to Simulate`፦ የማተሚያ ቤቱን ፕሮፋይል።
- `Rendering Intent`፦ `Relative Colorimetric`።
- `Black Point Compensation`፦ ምልክት አድርጉበት።
- `Simulate Paper Color`፦ እዚህም ላይ ምልክት አድርጉ።

የመጨረሻዋን ስትነኩ ፊታችሁ ላይ ያለው ሥራ ወዲያው ይገረጣል። ነጩ ቆሽሾ፣ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ሰው ሁሉ እዚህ ደርሶ «ይሄማ ውሸት ነው» ብሎ ያጠፋዋል። ውሸት አይደለም፣ ዓይናችሁ ገና የስክሪኑን ነጭ እንደያዘ ስለሆነ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ምልክቱን ስታደርጉ ፊታችሁን ከስክሪኑ አዙሩ። ከዚያ `F` ን ደጋግማችሁ ተጭናችሁ ሜኑና መሣሪያዎቹ ሁሉ ይጥፉ፣ ምክንያቱም አጠገቡ ነጭ ጽሑፍ ወይም የሚያበራ ምልክት ካለ ዓይን እሱን ነጭ ብሎ ይይዝና የወረቀቱን ነጭ ቆሻሻ ያደርግባችኋል። ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቆይታችሁ እዩ። አሁን የምታዩት ወረቀቱን ነው።

በ`Ctrl+Y`፣ ማክ ላይ በ`Cmd+Y`፣ ታበሩታላችሁ ታጠፉታላችሁ። ግን እየደጋገማችሁ አታወዳድሩ። ባወዳደራችሁ ቁጥር የስክሪኑ ስለሚያምር ልባችሁ ይሰበራል፣ ወደማይገኝ ቀለምም መጎተት ትጀምራላችሁ። እኔ አንዴ አብርቼ እዚያው ውስጥ ሆኜ ነው የምሠራው።

`View > Gamut Warning` ደግሞ ማተሚያው የማያወጣቸውን ቀለሞች በግራጫ ይሸፍናል። የእኛ ፍላየር ላይ ሰማያዊው መደብ በሙሉ ግራጫ ሆነ። ይህ የት መመልከት እንዳለባችሁ ይጠቁማል እንጂ ግራጫው እስኪጠፋ ድረስ ቀለሙን አደብዝዙ ማለት አይደለም። በጥቂቱ ያለፈውንም በጣም ያለፈውንም በአንድ ዓይነት ግራጫ ነው የሚሸፍነው።

6. የተሰበሩትን ቀለሞች ጠግኑ

ከሰማያዊው እንጀምር። የአርጂቢ ቁጥሩ 0፣ 0፣ 255 ነው። በዚያው በSWOP ፕሮፋይል ብትቀይሩት ሲያን 88፣ ማጀንታ 77፣ ቢጫ 0፣ ጥቁር 0 ይሰጣችኋል። ማጀንታውን እዩት። ሲያንና ማጀንታ እንዲህ ሲቀራረቡ ወረቀት ላይ የሚወጣው ሐምራዊ ነው። ማተሚያ ቤቱ ምንም አላጠፋም፣ የተላከለትን ነው ያተመው።

መፍትሔው ማጀንታውን ከሲያኑ ቢያንስ በ30 ነጥብ ማራቅ ነው። እኔ ለዚህ ፍላየር ሲያን 100፣ ማጀንታ 65፣ ሌላው 0 አደረግሁት። ስክሪኑ ላይ እንደነበረው ቦግ አይልም፣ ግን ማንም ሰው አይቶ «ሰማያዊ» ይለዋል። ይበልጥ እንዲደምቅ ከፈለጋችሁ ቀለሙን ራሱን አትጎትቱ፣ አጠገቡ ያለውን አደብዝዙት። ሰማያዊው ከፈዘዘ ወይም ከግራጫ ቀለም ጋር ሲዋሰን፣ ከሌላ ደማቅ ቀለም ጋር ከሚዋሰንበት ይልቅ ደምቆ ይታያል።

ብርቱካናማው ሳጥን ቀጥሎ ነው። ስትከፍቱት ማጀንታ 58፣ ቢጫ 96፣ ሲያን ደግሞ 8 ነበር። ያቺ 8 ናት ጭቃ የምታደርገው። ብርቱካናማ ከማጀንታና ከቢጫ ነው የሚሠራው፣ ሲያን የእሱ ተቃራኒ ስለሆነ ጥቂቱ እንኳ ያቆሽሸዋል። 0 አድርጉት፣ ቢጫውን 100 ሙሉት፣ አለቀ። አረንጓዴ ላይ ማጀንታን፣ ቀይ ላይ ሲያንን በዚሁ መንገድ ፈልጋችሁ አውጡ።

ፎቶው ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። የወረቀት እይታው በርቶ እያለ `Curves` ጨምሩና የጨለመውን ክፍል ብቻ በትንሹ ከፍ አድርጉት፣ የልብሱ እጥፋት እስኪለይ ድረስ። ፊቷን አትንኩ። ሙሉ ፎቶውን ካበራችሁት ቆዳው ይገረጣል፣ እኔ እንዲህ አድርጌ ደንበኛ «ታማ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል።

7. ጥቁሩን ለብቻው ተመልከቱት

ጥቁር አንድ ይመስላል፣ ግን ሁለት ነው።

ለደቃቅ ጽሑፍ ጥቁር 100፣ ሌሎቹ ሦስቱ 0። የአርጂቢ ጥቁር በSWOP ሲቀየር ሲያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ይሆናል፣ ድምሩ 300 በመቶ። አራቱ ቀለሞች ደግሞ በየተራ ነው የሚታተሙት። አንዱ በፀጉር ስፋት ከቦታው ቢዛነፍ ስምንት ነጥብ የሆነው ጽሑፋችሁ ዙሪያውን ሮዝና ሰማያዊ ጥላ ይዞ ይወጣል፣ አድራሻውን ለማንበብ ሰው ዓይኑን ያጠባል።

ለሰፊ ጥቁር ቦታ ግን ጥቁር 100 ብቻውን ግራጫ ይመስላል፣ በተለይ ከጥቁር ፎቶ አጠገብ ሲሆን። እዚያ ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 ስጡ። ድምሩ 240 ስለሆነ ብዙ ማሽን ችግር የለበትም። ከተፈቀደው መጠን ካለፋችሁ ቀለሙ ሳይደርቅ ይቆይና አንዱ ፍላየር ሌላው ጀርባ ላይ ያትማል።

አስቸጋሪው ነገር ኢንዲዛይንና ኢለስትሬተር ሁለቱንም ጥቁር አንድ አድርገው ማሳየታቸው ነው። `Preferences > Appearance of Black` ገብታችሁ `On Screen` የሚለውን `Display All Blacks Accurately` አድርጉት። ያን ጊዜ ደካማው ጥቁር ደካማ መስሎ ይታያችኋል።

8. ፒዲኤፍ አውጡና ፈትሹት

ከኢንዲዛይን ስታወጡ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ካላለ `PDF/X-4` ምረጡ። `Output` ገጽ ላይ `Convert to Destination (Preserve Numbers)` አድርጉ፣ `Destination` የሚለው ላይ የማተሚያ ቤቱን ፕሮፋይል። `Preserve Numbers` የሚለው ጠቃሚ ነው፦ ፎቶውን ይቀይራል፣ በእጃችሁ የሰጣችሁትን ጥቁር 100 ግን አይነካም። ያለሱ ያ ንጹሕ ጥቁር ተመልሶ አራት ቀለም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በአክሮባት ክፈቱትና `Print Production` ውስጥ `Output Preview` ን አስነሡ። አራቱ ቀለሞች በዝርዝር ይመጣሉ። ጥቁሩን ብቻ አጥፉት። ታች ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ጥላው ከቀረ ጽሑፉ ውስጥ ሌላ ቀለም አለ ማለት ነው፣ ተመለሱና አስተካክሉ። እኔ የአሠልጣኟ ስልክ ቁጥር ላይ ብቻ ጥላ ቀርቶ አገኘሁ። ከሌላ ፋይል ኮፒ ተደርጎ የመጣ ስለሆነ የአርጂቢ ጥቁሩን ይዞ መጥቷል። ከዚያ `Total Area Coverage` ላይ የተፈቀደላችሁን ቁጥር ጻፉ፣ ከእሱ ያለፈው ቦታ በቀለም ተሸፍኖ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፒዲኤፉን ስልክ ላይ ወይም ብራውዘር ውስጥ ከፍታችሁ ቀለሙን አትፍረዱ። ደንበኛም እዚያ አይቶ እንዳያጸድቅ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትልኩም በፋይልነት ላኩ እንጂ እንደ ፎቶ አይሁን፣ መላኪያው ሲያሳንሰው ቀለሙም ጥራቱም ይነካል።

9. ናሙና አሳትሙና በትክክለኛው ብርሃን እዩ

ዲጂታል ከሆነ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ወረቀት አንድ ቅጂ አስወጡ። ኦፍሴት ከሆነ ለአንድ ቅጂ ማሽኑን ማስነሣት ውድ ስለሆነ የቀለም ፕሩፍ፣ ማለትም የሕትመቱን ቀለም አስመስሎ የሚያሳይ ናሙና፣ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። ቢሮ ውስጥ ያለች ፕሪንተር ያወጣችው ግን ፕሩፍ አይባልም፣ የጽሑፍ ስህተት ለማረም ብቻ ነው።

ናሙናው ላይ፣ ከሚቆረጠው መስመር ውጪ፣ ሁለት ትንንሽ ሳጥን አስቀምጡ። አንዱ ጥቁር 50 ብቻ። ሌላው ሲያን 50፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40። ሁለቱም ግራጫ መምሰል አለባቸው፣ ትንሽ ልዩነት ያለ ነው። ሁለተኛው በግልጽ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ካደላ ማሽኑ ሚዛኑን ስቷል፣ ወይም የተሰጣችሁ ፕሮፋይል የዚያ ማሽን አይደለም። ይህን ይዛችሁ ማተሚያ ቤቱን ማነጋገር ትችላላችሁ። ሁለቱ ከተመሳሰሉና ፎቶው ግን ከተበላሸ ጥፋቱ የእናንተ ፋይል ወይም ስክሪን ነው። ይቺ ትንሽ ዘዴ ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርታልኛለች።

ናሙናውን ባለ 5000 ኬልቪን መብራት ሥር አድርጋችሁ ከወረቀት እይታው ጋር አስተያዩ፣ ከዋናው አርጂቢ ጋር አይደለም። ቢጫ አምፖል ሥር ሰማያዊው ይጠቁራል፣ ነጩም ክሬም ይመስላል። ወረቀቱ ያልተቀባ ከሆነና በኦፍሴት ከታተመ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ቀለሙ ሲደርቅ ይፈዛል።

ሲበላሽ ከየት እንደመጣ ለማወቅ

- ሁሉም ነገር እኩል ጨልሞ መጣ፦ ስክሪናችሁ በጣም ያበራል። ደረጃ 2።
- ሰማያዊው ብቻ ሐምራዊ ሆነ፦ ማጀንታው ቀርቧል። ደረጃ 6።
- ሁሉም ፈዘዘ፣ ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፦ ላልተቀባ ወረቀት የተቀባውን ፕሮፋይል ተጠቅማችኋል። እኔ ራሴ የተሸወድኩበት ነው። ደንበኛው በመጨረሻ ሰዓት ወረቀቱን ቀየረ፣ እኔ ፋይሉን ሳልቀይር ላክሁ፣ የፎቶዎቹ ጨለማ ክፍል ሁሉ ዝርዝሩ ጠፍቶ ድፍን ግራጫ ሆነ።
- ቢሮ ውስጥ ልክ ነው፣ ውጭ ሲወጣ ተቀየረ፦ ብርሃኑ ነው። ወረቀቱ ነጭ እንዲመስል የሚጨመርበት ኬሚካል ካለ ፀሐይ ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል።
- ናሙናው ልክ ነበር፣ ላሚኔት ተደርጎ ተለየ፦ ማት ላሚኔሽን ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ግሎሲው ጥቁሩን ያጠልቀዋል። ናሙናውንም ላሚኔት አስደርጉ።
- የመጀመሪያው 500 እና ሁለተኛው 500 ይለያያሉ፦ ይህ የማሽኑ ጉዳይ ነው፣ በፋይል አይስተካከልም። የጸደቀውን ናሙና አቅርባችሁ ጠይቁ።

ደንበኛው የግድ ያንን የሚያበራ ሰማያዊ፣ ወይም ኒዮን የመሰለ ብርቱካናማ ካለ በአራቱ ቀለሞች አትታገሉ። ማተሚያ ቤቱ ያንኑ ቀለም ለብቻው ቀምሞ እንደ አምስተኛ ቀለም ሊያትመው ይችላል፣ ስፖት ከለር የሚሉት ነው። ዋጋው ስለሚጨምር አስቀድማችሁ ለደንበኛው ንገሩ።

ናሙናው ሲጸድቅ ደንበኛው ጀርባው ላይ ይፈርም፣ ቀኑን፣ የወረቀቱን ስምና የተጠቀማችሁትን ፕሮፋይል ጻፉበት። አንዱ ማተሚያ ቤቱ ጋ ማሽኑ አጠገብ ይቆያል፣ አንዱን እናንተ በፖስታ ውስጥ ብርሃን ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ናሙና ቀለሙ እየነጣ ስለሚሄድ በሚቀጥለው ዙር ከእሱ ጋር ብታስተያዩ ትክክለኛውን ሕትመት ተሳስቷል ብላችሁ ትመልሳላችሁ።